ለአንድ የጣልያንኛና የአማርኛ ደንበኛ ሙዳየ ቃላትና የትርጉም ማኅደር አሠራር

ቦሎኛ ውስጥ የቤተሰብ ማገናኘት ጉዳይ ለሚይዝ አንድ የሕግ ቢሮ ስተረጉም የሠራሁት ስህተት አለ። ቢሮው ለቤተሰቦች ደብዳቤ ይልካል፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። በአንዱ ደብዳቤ ኑላ ኦስታ የሚለውን፣ ማለትም የቤተሰብ ማገናኛ ቅድመ ፈቃዱን፣ «ፈቃድ» አልኩት። በሌላው ሶጆርኖውን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱን፣ «ፈቃድ» አልኩት። ደሴ ያለች እናት «ፈቃዱ ወጥቷል» የሚለውን አንብባ ቪዛው የወጣ መሰላት። የቤት ዕቃዋን መሸጥ ጀመረች። የወጣው ግን ኑላ ኦስታው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ቪዛ መጠየቅ አለ፤ ለዚያውም በ6 ወር ውስጥ።

ቃሉን አጥቼው አልነበረም። ባለፈው ወር ምን ብዬ እንደተረጎምኩት ጽፌ ስላላስቀመጥኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ለዚያ ቢሮ ሁለት ነገር አዘጋጀሁ። አንዱ ሙዳየ ቃላት ነው፤ ቃል በቃል የተወሰነበት ዝርዝር። ሁለተኛው ተርጓሚዎች ትራንስሌሽን ሜሞሪ የሚሉት የትርጉም ማኅደር ነው፤ ከዚህ ቀደም የተተረጎሙ ዓረፍተ ነገሮች ከነትርጉማቸው የሚቀመጡበት። የምጠቀመው በነጻ የሚገኘውን ኦሜጋቲን ስለሆነ የማሳያችሁ በእሱ ነው። ሐሳቡ በሌሎቹ ፕሮግራሞችም ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ወረቀቱን ሰብስቡ

ከደንበኛው 12 ያህል የቆዩ ሰነዶች ጠይቁ፤ ዋናውንም ትርጉሙንም። ብዙ አያስፈልግም። ተመላላሽ ሰነድ ተመላላሽ የሚባለው አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። እኔ የወሰድኩት ከኢትዮጵያ የሚመጡ የውክልና ሰነዶችን፣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችንና ያላገቡ መሆን ማስረጃዎችን ነው። ከጣልያን በኩል ደግሞ ቢሮው ለቤተሰብ የሚልካቸውን ደብዳቤዎችና የኮሙኔ የምስክር ወረቀቶችን ወሰድኩ።

ወረቀቱን አትማችሁ በሁለት ቀለም አስምሩበት። በአንዱ ቀለም የሚደጋገሙ ቃላትን፣ በሌላው የሚደጋገሙ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን። የመጀመሪያው ቀለም ሙዳየ ቃላት ይሆናል፣ ሁለተኛው ማኅደር። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ሙዳየ ቃላቱን በረጃጅም ሐረጎች ይሞላና በኋላ ምንም አያገኝበትም።

ሙዳየ ቃላቱን መጻፍ

ከ12 ሰነድ 70 ያህል ቃል ይወጣል። ከዚያ በላይ ከሆነ «ቀን»፣ «ቁጥር»፣ «ስም» የመሳሰሉትን እየጻፋችሁ ነው ማለት ነው፤ ሰርዙ። መግባት ያለበት ሁለት ሰው በሁለት መንገድ ሊተረጉመው የሚችል ቃል ነው።

ኦሜጋቲ የሚያነበው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በአንድ መስመር ሦስት ነገር ይጻፋል፤ ምንጩ፣ ትርጉሙ፣ ማስታወሻው። በመካከላቸው የሚገባው ታብ እንጂ ባዶ ቦታ አይደለም። ፋይሉ በ`UTF-8` ተቀምጦ በፕሮጀክቱ `glossary` ፎልደር ውስጥ ይገባል።

```
nulla osta	ኑላ ኦስታ (የቤተሰብ ማገናኛ ቅድመ ፈቃድ)	«ፈቃድ» ብቻ አይባልም
visto	ቪዛ	
permesso di soggiorno	የመኖሪያ ፈቃድ (ሶጆርኖ)	
elezione di domicilio	የጉዳዩ ወረቀት መቀበያ አድራሻ መምረጥ	መኖሪያ አይደለም
codice fiscale	ኮዲቼ ፊስካሌ	16 ፊደልና ቁጥር፤ ከቲን ጋር አይምታታ
mediatrice culturale	የቋንቋና የባህል አገናኝ	«አስታራቂ» አይባልም
```

ከሦስቱ ዓምዶች የምወደው ሦስተኛውን ነው። ትርጉሙ ምን እንደሚባል ይነግራችኋል፤ ማስታወሻው ደግሞ ምን እንደማይባል። ከስድስት ወር በኋላ ደክሟችሁ ስትሠሩ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

አራተኛውን መስመር እዩት። በጠበቃ ወረቀት ላይ ደንበኛው «ዶሚቺሊዮውን በጠበቃው ቢሮ መርጧል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ አለ። የድሮው ተርጓሚ «መኖሪያዬን በጠበቃዬ ቢሮ አድርጌአለሁ» ብሎት አገኘሁት። ሰውየው እዚያ ይኖራል ማለት አይደለም። ለጉዳዩ የሚላክ ወረቀት እዚያ ይድረሰኝ ማለቱ ነው። የጣልያን የፍትሐ ብሔር ሕግ በ43ኛው አንቀጹ ሁለቱን ይለያቸዋል። ሬሲደንዛ ሰው ዘወትር የሚኖርበት ቦታ ነው፤ ዶሚቺሊዮ የጉዳዩና የጥቅሙ ዋና መቀመጫ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ «መኖሪያ» መሸፈን አይቻልም።

ሕዝቡ በአፉ የሚጠራውን ቃል አትጣሉ። ጣልያን ያለ ሐበሻ «የመኖሪያ ፈቃድ» ሲሉት ትንሽ ያስባል፤ «ሶጆርኖ» ሲሉት ወዲያው ይገባዋል። አገር ቤት ያለችው እናት ደግሞ ተቃራኒ ናት። ደብዳቤው ሁለቱ ጋ ስለሚደርስ አማርኛውን አስቀድሜ ሶጆርኖን በቅንፍ አስገባሁ። ኑላ ኦስታ ግን በኋላ ወረቀቱ ላይ የምታየው ስም እሱ ስለሆነ ከፊት አስቀደምኩት።

ቃሉን ማን ያጸድቀው?

ጠበቃው አማርኛ አያነብም። ስለዚህ «ይህ ትርጉም ልክ ነው?» ብላችሁ አትላኩለት፤ «ልክ ነው» ብሎ ይመልስላችኋል። የምትጠይቁት ስለ ነገሩ ነው፦ «ይህ ሰነድ ብቻውን ያስገባል ወይስ ሌላ ይከተለዋል?» በአንድ ጊዜ ከ15 ጥያቄ በላይ አትላኩ። ሰባውንም ቃል ብትልኩት ማንም አይከፍተውም።

አማርኛውን ደግሞ ደብዳቤው የሚደርሰውን ሕዝብ የሚያውቅ ሰው ያንብብ። እኔ የጠየቅኳቸው ቢሮው ውስጥ በአገናኝነት የሚሠሩ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ዝርዝሩን ሳሳያቸው በራሳቸው ሙያ ስም ላይ ቆሙ።

«እኔን አስታራቂ ነው ያልከኝ?»

«ጣልያንኛው እንደዚያ ይመስላል፣ እትዬ።»

«ልጄ፣ አስታራቂ ሲመጣ እኮ ሰው ተጣልቷል ማለት ነው። ባልና ሚስት ቢሮ ጠርተን አስታራቂ አለ ብንላቸው ማን ይመጣል?»

እንዲያ ሆኖ ነው «አገናኝ» የገባው። የወሰነውን ሰውና ቀኑን በማስታወሻው ጻፉ። ነገ ሌላ ሰው ሲጠይቅ ክርክሩ እንደገና አይጀመርም።

የድሮውን ትርጉም ከማስገባታችሁ በፊት አጽዱት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ማኅደር የሚያመሳስለው ፊደል በፊደል ነው። ለዓይን አንድ የሚመስለው አማርኛ ለማሽኑ ብዙ ነው።

መጀመሪያ አራት ነጥቡን እዩ። አንዳንድ ጸሐፊ ትክክለኛውን ። ይመታል። ሌላው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይመታል፤ ፡፡ ሆኖ ይወጣል። ሦስተኛው ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ :: ይጠቀማል። ለአንባቢ ልዩነት የለውም። ለፕሮግራሙ ግን የመጀመሪያው አንድ ምልክት ነው፣ የቀሩት ሁለት ሁለት ናቸው። በጽሑፍ አርታኢ ፈልጎ በመተካት ሁሉንም ወደ ። መልሷቸው። ፋይሉ ብዙ ከሆነ ይህች ትእዛዝ ትበቃለች፦

```
perl -CSD -Mutf8 -pe 's/፡፡|::/።/g' in.txt > out.txt
```

ቀጥሎ ፊደሉ አለ። «ጽሕፈት» የሚለውን ብቻ ውሰዱ። ጽ ወይም ፅ፣ ሕ ወይም ህ ወይም ኅ። ስድስት አጻጻፍ ነው፤ «ጽ/ቤት» ተብሎ ሲያጥርም ሰባተኛ አለ። ወደ አማርኛ ስትተረጉሙ አንዱን ምረጡና በእሱ ጽኑ። ከአማርኛ ስትተረጉሙ ግን ምንጩን መቀየር አትችሉም። ስለዚህ በሰነዶቹ ውስጥ በእርግጥ ያገኛችኋቸውን አጻጻፎች ብቻ እያንዳንዳቸውን በየመስመራቸው ወደ አንዱ ጣልያንኛ ምሯቸው። ቅጥያውም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ «ውክልና» የሚለውን ያውቃል፤ «በውክልናው» ሲመጣ ግን ላያስታውሳችሁ ይችላል። የሚደጋገሙትን ሦስት አራት ቅርጾች ጨምሩ፤ ሁሉንም መጨመር ግን ማለቂያ የለውም።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ከመጣ ስትቀዱት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ያንን አትታገሉት። አትሙትና ከስካን ላይ አንብቡት። ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፦

```
tesseract scan.png out -l amh
```

ንጹሕ ከሆነ ወረቀት ጥሩ ያወጣል። ማኅተም ባረፈበት መስመር ላይ ግን ይሳሳታልና ያንን በዓይናችሁ አንብቡ።

ዓረፍተ ነገሩን የት እንደሚቆርጥ ንገሩት

ከአማርኛ ወደ ጣልያንኛ የምትተረጉሙበትን ፕሮጀክት ስትከፍቱ የምንጩን ቋንቋ `AM`፣ የመድረሻውን `IT` አድርጉ። ከዚያ የዓረፍተ ነገር መቁረጫ ደንቦችን ክፈቱ። ፕሮግራሙ በ። ላይ ካልቆረጠ አንድ ሙሉ አንቀጽ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይያዛል። አንድ ዓይነት ሙሉ አንቀጽ ደግሞ ሁለት ጊዜ አይመጣም፤ ማኅደሩ ዝም ይላል። ለአማርኛ ሁለት ደንብ ጨምሩ። የመጀመሪያው አይቆርጥም፣ ሁለተኛው ይቆርጣል፦

```
1 (አይቁረጥ)  before: ዓ\.ም\.   after: \s
2 (ቁረጥ)     before: ።        after: .
```

የማይቆርጠው ከላይ መቀመጥ አለበት። አለበለዚያ «ጥር 12 ቀን 1990 ዓ.ም.» ካለ በኋላ ፕሮግራሙ ከራሱ ጋር በሚመጣው የነጥብ ደንብ ነጥቧን አይቶ ይቆርጣትና ቀኑ ለብቻው፣ ድርጊቱ ለብቻው ይቀራል። ሰነዶቻችሁ «አ.ም.» ብለው የሚጽፉ ከሆነ እሱንም ጨምሩ።

ይህ ከሆነ በኋላ የድሮውን ዋናና ትርጉም አጣምሩ። ኦሜጋቲ በ`Tools` ሥር ሁለት ፋይል ጎን ለጎን የሚያስተካክል መሣሪያ አለው። ረድፍ በረድፍ እያያችሁ የተንሸራተተውን ወደ ቦታው መልሱ። የሚወጣው የ`.tmx` ፋይል `tm` ውስጥ ይገባል። ከጣልያንኛ ወደ አማርኛ የተሠራውን ተገልብጦ ለመጠቀም ከፈለጋችሁ `tm/penalty-20` ብላችሁ በከፈታችሁት ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። ፕሮግራሙ ከተመሳሳይነቱ ላይ 20 ይቀንስበታል፣ እናንተም ሳታዩት አታልፉትም። ለቤተሰብ ደብዳቤ ተብሎ የቀለለ አማርኛ ተገልብጦ የፍርድ ቤት ጣልያንኛ አይሆንም።

መቶ በመቶ ሲመጣ ተጠንቀቁ

ሰው የሚፈራው ግማሽ በግማሽ የሚመሳሰለውን ነው። እኔን ያሳሳተኝ ግን መቶ በመቶው ነው።

የመጀመሪያው ፆታ ነው። ጣልያንኛው «ሀ ፕሬዘንታቶ ዶማንዳ» ሲል አቅራቢው ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። አማርኛው ግን «አቅርቧል» ወይም «አቅርባለች» ማለት አለበት። ባለፈው ወር ለወንድ የተተረጎመው ለሴቲቱ መቶ በመቶ ብሎ ይመጣል። የእኔ መፍትሔ የአክብሮት ቅርጹ ነው። በሕግ ደብዳቤ ሦስተኛውን ሰው ሁልጊዜ «አቅርበዋል» እላለሁ። ጣልያንኛው «ሌይ» ሲል «እርስዎ» እላለሁ። አክብሮቱም በቦታው ነው፣ ዓረፍተ ነገሩም ለሁለቱም ይሠራል። ለሕፃን ልጅ ግን አንቱታ አይሆንም። እዚያ ኦሜጋቲ ለአንድ ዓረፍተ ነገር አማራጭ ትርጉም እንዲያዝ ይፈቅዳልና ሁለቱንም አስቀምጡ።

ሁለተኛው የሕግ ቁጥር ነው። የውክልና ሰነዶቻችን «በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 2199 እና 2205 መሠረት» ይላሉ። ይህን «የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2199» ብላችሁ ወደ ጣልያንኛ ብትመልሱ አንባቢው የራሱን ሕግ ይከፍታል። የጣልያኑም 2969 አንቀጽ ስላለው 2199ን ያገኛታል፤ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው የምታወራው። ስለዚህ በሙዳየ ቃላቱ ውስጥ «የኢትዮጵያ» የሚለው ሳይቀር ይግባ፦

```
ፍ/ብ/ሕ/ቁ.	Codice civile etiopico, art.	etiopico አይቀርም
```

ሦስተኛው ቀን ነው፤ ይህን በዝርዝር ላሳያችሁ። ማኅደሩ ውስጥ «ጥር 12 ቀን 1990 ዓ.ም.» አለ። ትርጉሙ ልክ ነው፦

```
20 gennaio 1998 (12 Tir 1990 del calendario etiopico)
```

አሁን አዲስ ሰነድ መጣ፤ «ጥር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.» ይላል። ማኅደሩ የቀድሞውን አምጥቶ ከዓመቱ በቀር ሁሉም አንድ ነው ይላችኋል። ተርጓሚው 1998ን ወደ 1996 ለውጦ ያልፋል። ስህተት ነው። ልኩ ጃንዋሪ 21 ነው። 1987 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆነች፤ 1988ም የገባው በሴፕቴምበር 12 ነው። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 29፣ 1996 ድረስ ቀኑ ሁሉ በአንድ ተገፍቷል። በልደት ቀን ላይ የአንድ ቀን ልዩነት ማለት ፓስፖርቱና ትርጉሙ አልተስማሙም ማለት ነው፤ ማመልከቻውም ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ቀን ያለበትን ዓረፍተ ነገር ማኅደር ውስጥ ይኑር፣ ግን ቀኑን በፍጹም ከማኅደር አትውሰዱ። በየጊዜው በመለወጫ አስሉት፣ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ። በዚህ መንገድ ብትሳሳቱም የሚያነበው ሰው ሊያስተካክለው ይችላል። ሰዓትም ያው ነው። የጣልያኑ «ኦሬ 9» ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ማኅደር ቁጥሩን ብቻ ከተካ ቤተሰቡ ከቀጠሮው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል።

ስም የማኅደሩ አይደለም

«ጽጌ» በላቲን በሦስት በአራት መንገድ ይጻፋል። የሚገዛው የእናንተ ደንብ ሳይሆን ፓስፖርቱ ነው። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ትንሽ የስም ፋይል ሥሩና `glossary` ውስጥ አስገቡ፤ ልጅ፣ አባት፣ አያት፣ ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው። የጣልያን ቅጽ ኮኞሜ ሲል የቤተሰብ ስም ማለቱ ነው፤ እኛ የለንም። በዚያ ሳጥን ውስጥ የአባት ስም ይግባ ወይስ የአባትና የአያት የሚለውንም ፓስፖርቱን ተከተሉ፣ በስም ፋይሉም ጻፉት። ባልና ሚስት፣ ልጅና አባት በተለያየ መንገድ ከተሞሉ ቤተሰብነታቸው ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ጉዳዩ ሲዘጋ የስም ፋይሉን አውጡ። ከዚያ ማኅደሩን አጽዱ። ኦሜጋቲ የሠራችሁትን ሁሉ `omegat` ውስጥ ባለው `project_save.tmx` ያስቀምጣል። ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በአርታኢ ይከፈታል። መጀመሪያ ቅጂ ያዙ፤ ከዚያ በቅጂው ላይ ስሙን፣ የፓስፖርት ቁጥሩንና አድራሻውን በ«እከሌ» እና በ«000» ተኩ። ወደ `tm` የሚገባውና ወደሚቀጥለው ፕሮጀክት የሚሻገረው ይህ የጸዳው ነው። ዋናው ከጉዳዩ ፋይል ጋር ይቆለፋል። የሰው ፍቺ፣ የሰው ውርስ፣ የሰው ልጅ ጉዳይ ነው የያዝነው። በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ወደሆነ የጋራ ማኅደር በምንም ዓይነት አትጫኑት።

አንድ ቃል ሲለወጥ

ቢሮው አንድ ቀን «ይህን ቃል ቀይሩልን» ይላል። ሙዳየ ቃላቱን መለወጥ አንድ ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ያቆማል። ማኅደሩ ግን የድሮውን ቃል በአርባ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይዞ ተቀምጧል፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ መልሶ ያመጣዋል። ስለዚህ ቃሉን በኦሜጋቲ ፈልጉት፣ የተገኘውን ሁሉ አንድ በአንድ እያያችሁ ቀይሩ። በጅምላ አትተኩ። «አስታራቂ» የሚለውን በጅምላ ወደ «አገናኝ» ስለውጥ በአንድ የፍቺ ውሳኔ ውስጥ የነበሩት የእውነት አስታራቂ ሽማግሌዎች ሁሉ «አገናኝ ሽማግሌዎች» ሆነው አገኘኋቸው። ውሳኔውን ከጠዋት እስከ ምሳ ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር አስተካከልኩት።